የተቆረጠ ዓረፍተ ነገር፣ ያልተስማማ ቡሌት፣ የፈሰሰ መስመር፦ ስላይድ እንዴት ይታረማል?

(ለሰነድ አዘጋጆችና ለአራሚዎች በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር ነው። እንደተነገረ ነው የቀረበው፤ የተቀነሰው ጥቂት ድግግሞሽ ብቻ ነው።)

እንደምን ዋላችሁ! የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ የሙያ ጓደኞቼ፣ ከሥራ መልስ ደክሟችሁ እዚህ የተገኛችሁ ሁሉ፣ አመሰግናለሁ። ከኋላ የቆማችሁ፣ ፊት ለፊት ወንበር አለ፤ ኑ ተቀመጡ፣ ጥያቄ አልጠይቅም። (ሳቅ)

እሺ፣ አንድ ብቻ ልጠይቅ። (ሳቅ) «ይህን ስላይድ እስቲ አንዴ እይልኝ» ተብሎ ሲሰጣችሁ መጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ? ፋይሉን ከፍታችሁ ከአንደኛው ስላይድ ጀምራችሁ ወደ ታች ታነባላችሁ፣ አይደል? ፊደል የተሳሳተ ካለ ታርማላችሁ፣ ከዚያ «ጨርሻለሁ» ብላችሁ ትመልሳላችሁ። ዛሬ ልለምናችሁ የመጣሁት ይህንን እንድትተዉ ነው። ስላይድን እንደ ደብዳቤ አታንብቡ።

ለምን? የደብዳቤ ስህተት ከጸሐፊው እጅ ይመጣል። የስላይድ ስህተት ግን አብዛኛው ከሣጥኑ ነው የሚመጣው። ሰውየው በትክክል ጽፎት ሳለ ሣጥኑ ይጠበዋል፤ እሱ ደግሞ እንዲገባለት ብሎ ከጫፉ ይቆርጣል፣ ፊደሉን ያሳንሳል፣ መስመሩን በኢንተር ይሰብራል። የፊደል ማረሚያው ቀይ መስመር አያሰምርበትም። የቀሩት ቃላት ሁሉ በትክክል የተጻፉ ናቸው እኮ! እናንተም ብታነቡት ዓይናችሁ አይይዘውም፤ አእምሯችሁ የጎደለውን ራሱ ይሞላዋል።

ስለዚህ ሦስት ነገር አነሳለሁ፤ የተቆረጠ ዓረፍተ ነገር፣ ያልተስማሙ ቡሌቶች፣ ከሣጥን የፈሰሱ መስመሮች። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ። መጀመሪያ ዓረፍተ ነገሩ፣ ቀጥሎ ቡሌቱ፣ መስመሩ መጨረሻ። መስመሩን መጀመሪያ ያስተካከለ ሰው ዓረፍተ ነገሩን ሲያሟላ መስመሩ እንደገና ይፈስበታል። ሁለት ጊዜ ሥራ ነው።

የመጀመሪያው እንግዲህ የተቆረጠ ዓረፍተ ነገር ነው።

በእኛ ቋንቋ ግሡ የሚቀመጠው መጨረሻ ላይ ነው። ሆነ የሚለውም፣ አልሆነም የሚለውም፣ ይሆናል የሚለውም እዚያው ጫፍ ላይ ነው። ጽሑፍ ደግሞ የሚቆረጠው ከየት ነው? ከጫፉ! ስለዚህ የእኛ ስላይድ ሲቆረጥ የሚቀረው ስለ ማን እንደምናወራ ነው፤ ምን እንደተባለ አይቀርም።

አንድ ስብሰባ ልንገራችሁ። የመሥሪያ ቤቱ ስም ይቆየን። የድጋፍ መስፈርት ለማብራራት ተጠርተን አዳራሽ ተቀምጠናል። ስላይዱ ላይ እንዲህ የሚል ነጥብ መጣ፦ «ቀደም ሲል ድጋፍ ያገኙ አመልካቾች በዚህ ዙር»። በቃ፣ አለቀ። በዚህ ዙር ምን? አቅራቢዋ ስላይዱን ያዘጋጁት እሳቸው አልነበሩም፤ ተወክለው ነው የመጡት። አንዱ ተነሥቶ «እንግዲህ አይካተቱም ማለት ነው» አለ። ሌላው «የለም፣ ይካተታሉ ነው የሚለው፤ ካልተካተቱማ ለምን ይጠቀሳሉ?» አለ። አዳራሹ ለሁለት ተከፈለ፣ ድምፅ ከፍ ከፍ አለ። በመጨረሻ ዋናው ሰነድ ተፈልጎ መጣ። ምን ይላል መሰላችሁ? «በዚህ ዙር የሚካተቱት የቀደመውን ዙር ሪፖርት ካስገቡ ብቻ ነው» ይላል። ሁለቱም ወገኖች ተሳስተው ነበር። ልብ በሉ፣ አእምሮ የጎደለውን ይሞላል ያልኳችሁ ይህን ነው፤ ግን እንደፈለገው ነው የሚሞላው።

ታዲያ እንዴት ይያዛል? ጽሑፉን ከሣጥኑ አውጥታችሁ አንብቡት። ፓወርፖይንት ላይ View ውስጥ ገብታችሁ Outline View የሚለውን ተጫኑ። በግራ በኩል የስላይዶቹ ጽሑፍ ያለ ሥዕል፣ ያለ ቀለም፣ በአንድ ዓይነት ፊደል ተደርድሮ ይመጣል። አሁን ሙሉውን አታንብቡ። እደግመዋለሁ፣ ሙሉውን አታንብቡ! የእያንዳንዱን ነጥብ የመጨረሻ ቃል ብቻ እያያችሁ ውረዱ። የመጨረሻ ቃል፣ የመጨረሻ ቃል፣ የመጨረሻ ቃል። «ሲሆን» ብሎ ያለቀ ነጥብ አለ? የተቆረጠ ነው። «እንዲሁም»፣ «ወይም»፣ «በመሆኑም» ብሎ ያለቀስ? የተቆረጠ ነው። «የሚቀርብ»፣ «የተደረገ» ብሎ ያለቀ፣ በነጠላ ሰረዝ ያለቀ፣ ቅንፍ ከፍቶ ያልዘጋ፣ እነዚህ ሁሉ ራሳቸውን ያጋልጣሉ። በዚህ ዓይነት ረጅም ስላይድ በጥቂት ደቂቃ ታልፉታላችሁ።

ከጎኑ ደግሞ ሁለት ግማሾችን ፈልጉ። አንዳንዱ ጸሐፊ መስመሩ እንዲያምርለት ብሎ መሃል ላይ ኢንተር ይመታል። ያን ጊዜ አንዱ ዓረፍተ ነገር ሁለት ቡሌት ይሆናል። ስላይዱ ላይ ብዙም አያስታውቅም፤ በዚህ እይታ ግን ሁለተኛው ቡሌት ከሰማይ ዱብ ያለ ይመስላል፣ «እና በወቅቱ ማስረከብ» ብሎ ይጀምራል።

አሁን ጥንቃቄ። ይህ እይታ የሚያሳየው ቴምፕሌቱ ራሱ ባዘጋጃቸው ሣጥኖች፣ ማለትም በፕሌስሆልደር ውስጥ የተጻፈውን ብቻ ነው። ሰው በራሱ የሳለው ቴክስት ቦክስ፣ የሠንጠረዥ ጽሑፍ፣ የግራፍ ጽሑፍ እዚያ አይወጣም። አንዳንድ ስላይድ ቁጥሩ ብቻ መጥቶ ከጎኑ ባዶ ይሆናል። ባዶ ስላይድ ነው ብላችሁ እንዳታልፉ! ጸሐፊው ፕሌስሆልደሩን አጥፍቶ የራሱን ሣጥን ስሏል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ስላይድ ከፍታችሁ Alt+F10 ተጫኑ፤ በስላይዱ ላይ ያለው ነገር ሁሉ በዝርዝር በቀኝ በኩል ይመጣል። አንድ በአንድ እየነካችሁ እዩ፤ በሥዕል ሥር የተደበቀ ጽሑፍ ሁሉ ይገኛል። የግራፍ ላይ ስሞች ደግሞ ቦታ ሲጠባቸው ፕሮግራሙ ራሱ ሦስት ነጥብ አድርጎ ይቆርጣቸዋል፤ እነሱን በዓይን ብቻ ነው የምታገኟቸው።

እሺ፣ ሁሉን ያዝን? አልያዝንም። አንድ ዓይነት ተንኮለኛ አለ። በስም ላይ የተቆረጠ ነጥብ! እሱ ሙሉ ይመስላል፣ ምክንያቱም ቡሌት በስም ቢያልቅ ነውር የለውም። እሱን የሚይዝልን ሁለተኛው ነጥባችን ነው።

ወደ ቡሌቶቹ እንምጣ። አንድ ስላይድ ልጻፍላችሁ። ርዕሱ «የቀጣዩ ሩብ ዓመት ዋና ዋና ተግባራት» ነው፤ ከሥሩ አምስት ነጥብ አለው።

- የደንበኞች ቅሬታ መቀበያ ቅጹን ማሻሻል
- አዲስ ሠራተኞችን እናሠለጥናለን።
- የመረጃ ቋቱ መጠባበቂያ በየሳምንቱ ተወስዷል፡፡
- ወጪ ቁጠባ
- ያለ ኃላፊው ፊርማ የሚቀርብ የክፍያ ጥያቄ

ፊደል የተሳሳተ አለ? የለም። የፊደል ማረሚያ ብታስኬዱበት ያልፋል። ግን እስቲ አብረን እንየው። የመጀመሪያው «ማሻሻል» ብሎ በአርእስት ግስ አለቀ። ሁለተኛው «እናሠለጥናለን» ይላል፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፣ አራት ነጥብም አለው። ሦስተኛው «ተወስዷል» ይላል። የቀጣይ ሩብ ዓመት ዕቅድ ውስጥ «ተወስዷል» ምን ይሠራል? ካለፈው ሪፖርት ኮፒ ተደርጎ የመጣ ነው ብለን እንጠረጥራለን። አራተኛው ሁለት ቃል ነው፤ ማን ይቆጥባል፣ ከምን ይቆጥባል? አምስተኛውስ?

አምስተኛውን ለብቻው ብትሰጡኝ ምንም አይመስለኝም። «ያለ ኃላፊው ፊርማ የሚቀርብ የክፍያ ጥያቄ»፤ በስም ያለቀ ነጥብ ነው፣ «ወጪ ቁጠባ»ም በስም አልቋል፣ ያልፋል። አሁን ግን ሁሉንም ወደ አንድ መልክ እናምጣ። የዕቅድ ስላይድ ስለሆነ ሁሉም «እናደርጋለን» በሚለው ይለቅ። ቅጹን እናሻሽላለን። ሠራተኞችን እናሠለጥናለን። መጠባበቂያ እንወስዳለን። ወጪ እንቆጥባለን። ያለ ፊርማ የሚቀርብ የክፍያ ጥያቄ… እን…? ምን እናደርገዋለን? አያችሁ! ቆመ። አብረውት ያሉት ሲሰለፉ እሱ ብቻውን ቀረ። ወይ «ተቀባይነት የለውም» የሚል ጫፍ ነበረው፣ ወይ «ተመላሽ ይደረጋል»፣ ወይ ሌላ። በዚያም ላይ ዕቅድ አይደለም፣ ደንብ ነው፤ ቦታውም እዚህ ላይሆን ይችላል።

ብዙ ሰው ቡሌት ማስማማትን የውበት ጉዳይ ያደርገዋል። እኔ ግን ከውበቱ ይልቅ ለዚህ ነው የምፈልገው፤ የተስማማ ዝርዝር የተቆረጠውን ያጋልጣል። የተዘበራረቀ ዝርዝር ውስጥ ግን ምንም ነገር መደበቅ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ። አራሚ ነን፣ ባለቤት አይደለንም። «ተወስዷል»ን አይቶ «እንወስዳለን» ብሎ የቀየረ አራሚ ምናልባት የተሠራ ሥራ እንዳልተሠራ አድርጎ ጻፈ። ጫፉ የተቆረጠውን ነጥብ ከራሱ የሞላ አራሚ ደግሞ በዚያ አዳራሽ እንደተከራከሩት ሰዎች ነው። መልኩን እኛ እናስተካክል፤ ትርጉሙን ግን ጸሐፊውን እንጠይቅ። እኔ ለጸሐፊው የምልከው እንዲህ አጭር ነው፦ «ነጥብ 3 ተሠርቷል ወይስ ይሠራል? ነጥብ 4 ከየትኛው ወጪ? ነጥብ 5 ጫፉ የለም፣ ከዋናው ሰነድ ይላክልኝ።» ጨዋ ነው፣ አጭር ነው፣ መልሱም በአንድ ስልክ ይመጣል።

ስለ ሥርዓተ ነጥቡ ብዙ አልልም። ነጥቦቹ ሐረግ ከሆኑ አራት ነጥብ አያስፈልጋቸውም፤ ዓረፍተ ነገር ከሆኑ ሁሉም ይኑራቸው። ከአንድ ስላይድ ወደ ሌላው ቢለያይ እኔ እምራለሁ፤ በአንድ ስላይድ ውስጥ ግን አልምርም። ግን ያን ሦስተኛውን ነጥብ ልብ ብላችሁታል? «፡፡» ይላል። ሁለት ነጥብ ሁለት ጊዜ የተመታ ነው እንጂ አራት ነጥብ አይደለም። በዓይን አንድ ይመስላሉ፤ ኮምፒውተሩ ግን «።»ን ስትፈልጉ እሱን አያገኝላችሁም። በ Ctrl+H «፡፡»ን በ«።» ተኩላችሁ ጀምሩ። ከአራት ነጥብ በፊት ክፍት ቦታ የሚተዉም አሉ። ያ ክፍት ቦታ ካልጠፋ፣ መስመሩ ጫፍ ላይ ሲደርስ አራት ነጥቡ ብቻውን ወደሚቀጥለው መስመር ወርዶ ይቀመጣል።

የውሸት ቡሌትም አለ። ጸሐፊው ሰረዝ መትቶ፣ ክፍት ቦታ መትቶ ቡሌት ያስመስላል። እንዴት ይታወቃል? ነጥቡ ረዝሞ ሁለተኛ መስመር ሲኖረው ተመልከቱ። እውነተኛው ቡሌት ሁለተኛውን መስመር ከጽሑፉ ሥር ያስገባዋል። የውሸቱ ግን ሁለተኛው መስመር ተመልሶ ሰረዙ ሥር ይገባል። ሰረዙን አጥፍታችሁ የቡሌቱን ቁልፍ ተጫኑ፣ በቃ።

ሦስተኛውና የመጨረሻው፣ የፈሰሰ መስመር ነው።

ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በግልጽ የሚፈስ ነው፤ ከሣጥኑ ወጥቶ የገጽ ቁጥሩ ላይ ይወጣል፣ ወይም ከስላይዱ ጠርዝ አልፎ ይሄዳል። ከስላይዱ ጠርዝ ያለፈው በማሳያው ላይ አይታይም፣ ፒዲኤፍ ስታደርጉትም ይቀራል። ስታርሙ ግን ታዩታላችሁ፤ ለዚህ ነው ሰው «እኔ ጋ እኮ ነበረ!» የሚለው። ሠንጠረዥ በተለይ ክፉ ነው። ጽሑፍ ሲጨመርበት ረድፉ ወደ ታች ያድጋል፤ የመጨረሻው ረድፍ ማንም ሳያይ ከስላይዱ ይወጣል። የመጨረሻው ረድፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ ምንድን ነው? ጠቅላላ ድምሩ!

ሁለተኛው ድብቅ ነው። ፓወርፖይንት Shrink text on overflow የሚል ምርጫ አለው፤ ጽሑፉ ሲበዛ ፊደሉን ራሱ ያሳንሳል። ጸሐፊው ይደሰታል፣ ሁሉም ገባለት። ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ሰው ግን አያነበውም። የአንዱ ስላይድ ፊደል 24 ሆኖ የቀጣዩ 15 ይሆናል፤ ማንም 15 ብሎ አልመረጠም። ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ለሚፈልግ፣ የ.pptx ፋይል እንደ ዚፕ ይከፈታል። በውስጡ በስላይዱ ፋይል እንዲህ የሚል ይገኛል፦

```
<a:normAutofit fontScale="62500" lnSpcReduction="20000"/>
```

ፊደሉን ወደ 62.5 በመቶ አሳንሰው፣ የመስመሮቹን ርቀት በ20 በመቶ አጥብበው ማለት ነው። 24 የነበረው 15 የሆነው በዚህ ነው። ይህ ስሌት የሚታደሰው ፓወርፖይንት ውስጥ ጽሑፉ ሲነካ ነው። ስለዚህ በሌላ ፕሮግራም የተሠራ ስላይድ ስትከፍቱት ፈሶ ይገኛል፤ አንድ ፊደል ስትነኩ ደግሞ ድንገት ይሰበሰባል። አትደንግጡ፣ እናንተ አላበላሻችሁትም።

እኔ ስጀምር ይህን ምርጫ አጠፋዋለሁ። ሣጥኑን በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ Format Shape፣ ከዚያ Text Box የሚለው ውስጥ Do not Autofit ምረጡ። ያን ጊዜ የፈሰሰው ሁሉ በግልጽ ይፈስሳል፤ ችግሩን እናያለን። ከዚያ Slide Sorter ውስጥ ገብታችሁ ስላይዶቹን አሳንሳችሁ እዩ። አሁን ማንበብ የለም! ሊነበብም አይችልም፣ ትንሽ ነው። የምታዩት ታችኛውንና የቀኙን ጠርዝ፣ የፊደሉን ከፍ ዝቅ ማለት ብቻ ነው።

መፍትሔውስ? ከላይ ወዳየነው ስላይድ እንመለስ። ጸሐፊው መልስ ላከ፤ የመጀመሪያው ነጥብ «የደንበኞች ቅሬታ መቀበያ ቅጹን ከሁለት ገጽ ወደ አንድ ገጽ አሳጥረን እናሻሽላለን» ሆነ። ስናስገባው «እናሻሽላለን» ብቻውን ሁለተኛ መስመር ላይ ወደቀ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ Shift+Enter መትቶ መስመሩን እሱ በፈለገበት ይሰብረዋል። ተዉ! ነገ ፎንቱ ወይም ሣጥኑ ሲቀየር ስብራቱ እዚያው ይቀርና መስመሩ መሃል ላይ ይቆረጣል። እንዲህ ያለ ስብራት መኖሩን ለማወቅ ሣጥኑን ወደ ጎን ሳቡት፤ ቦታ አግኝቶም ጽሑፉ ካልተዘረጋ ስብራት አለ። እኛ ግን ጽሑፉን እናየዋለን። «አሳጥረን እናሻሽላለን» ለምን? ማሳጠሩ ራሱ ማሻሻሉ ነው። «ከሁለት ገጽ» የሚለውን አቅራቢው በቃሉ ይበለው። «የደንበኞች ቅሬታ መቀበያ ቅጹን ወደ አንድ ገጽ እናሳጥራለን»፤ በአንድ መስመር ገባ። ማሳጠር ካልተቻለ ስላይዱን ለሁለት ክፈሉት። ፊደል ማሳነስን እኔ መፍትሔ ብዬ አልቆጥረውም።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ፎንት። «እኔ ኮምፒውተር ላይ ልክ ነበር፣ አዳራሹ ውስጥ ፈሰሰ» የሚለው ከዚህ ነው። ብዙ ሰው ፎንቱ Calibri ነው ብሎ ያስባል፣ ሣጥኑም እንደዚያ ይላል። Calibri ግን የግዕዝ ፊደል የለውም። የኦፊስ ነባር ቴምፕሌት ለግዕዝ ፊደል Nyalaን መድቧል። Nyala ደግሞ በዊንዶውስ 10 ላይ ተጨማሪ ሆኖ የሚጫን እንጂ አብሮ የሚመጣ አይደለም። በሌለበት ኮምፒውተር ሌላ ፎንት ይተካል፤ Ebrima ሊሆን ይችላል። የፊደሎቹ ስፋት አንድ አይደለም፤ በአንዱ ጫፍ ላይ ልክ የገባ መስመር በሌላው አንድ ቃል ያወርዳል። ስለዚህ ፎንቱን በስሙ ምረጡ፣ ለምሳሌ Noto Sans Ethiopic፤ ከዚያ File፣ Options፣ Save ውስጥ Embed fonts in the file የሚለውን አብሩ። ፈቃዱ የማይፈቅድ ፎንት አብሮ አይሄድም፤ ለዚህም በየመስመሩ ጫፍ የአንድ ቃል ያህል ቦታ ትርፍ ተዉ። ፒዲኤፍ ኮፒም ይዛችሁ ሂዱ።

ከታረመ በኋላ «አንዲት መስመር ብቻ ልጨምር» የሚል ጸሐፊ ሁሌም አለ። (ሳቅ) ፈገግ ያላችሁት ታውቁታላችሁ። ይጨምር፤ ግን የትኛውን ስላይድ እንደነካ ቁጥሩን ይንገራችሁ። የዚያን ስላይድ የመጨረሻ ቃላት፣ የነጥቦቹን መልክና የታችኛውን ጠርዝ እንደገና እዩ። ሌላውን መድገም አያስፈልግም።

እኔ እስከዚህ ነው። ፍላሽ ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ አምጡት፣ እዚሁ ከፍተን የመጨረሻ ቃላቱን አብረን እናያለን። እህቴ፣ እጅሽን ቀድመሽ ያወጣሽው አንቺ ነሽ፤ ነይ፣ ካንቺ እንጀምር።